ከተቀዳ ድምፅ የተጻፈ የተረኛ ርክክብ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ሰዓት በቃል የሚነገረው ከንጋት ጀምሮ ተቆጥሮ ነው። የታካሚ ካርድ ላይ ግን የ24 ሰዓት አቆጣጠርም ይጻፋል። የቃል ሪፖርት ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ስሕተት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ለምሳሌ ያህል በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ምክንያት 5 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት በየ4 ሰዓቱ በጡንቻ የምትወጋ እናት ትታሰብ። የሌሊቷ ተረኛ ነርስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ባስቀዳችው ሪፖርት፣ የመጨረሻው መርፌ ንጋት «አሥራ ሁለት ሰዓት» ላይ እንደተሰጠ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወዲህም የተለካው ሽንት 80 ሚሊ ሊትር ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ከድምፁ የተገለበጠው ማስታወሻ «12:00 ተሰጥቷል፤ ሽንት አለ» ይላል።

ማስታወሻው ሐሰት የለበትም፤ ጉዳቱ ባስቀረው ላይ ነው። «12:00»ን እኩለ ሌሊት ብሎ ያነበበ ተረኛ መድኃኒቱ እንደዘገየ ያምንና፣ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መቆየት የነበረበትን መርፌ ወዲያው ይሰጣል። ከዚህም የከፋው የሽንቱ መጠን መሰረዙ ነው። 80 ሚሊ ሊትር ለ4 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ይሆናል፤ ከ30 በታች ሲሆን ቀጣዩ መርፌ ሊቆም ይገባል። ማግኒዚየም የሚወገደው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ይጠራቀማል፤ በቅድሚያ የጉልበት ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ ይዳከማል። ለዚህም ካልሲየም ግሉኮኔት በአልጋዋ አጠገብ መኖር አለበት።

ስለዚህ ገልባጩ «ንጋት 12 (06:00)፤ ሽንት 80 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ፣ ተረካቢውም ሪፍሌክሷን በአልጋዋ አጠገብ ቢፈትሽ፣ ድምፁ የያዘውን ማስጠንቀቂያ ጽሑፉም ይይዘው ነበር።