ሁለት አቅራቢ፣ አንድ ሻርፕ

በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በኮቸሬ ያሉ ቡና አቅራቢዎች መዝገባቸውን ይዘው ዲላ ሲመጡ የሚያነሱት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ከሁለቱ አሠራር የቱ ያዋጣል? አንደኛው ከላኪው ጋር ዋጋ አስቀድሞ ቆርጦ በውል ማስረከብ ነው። እሸቱ በታሰበው ዋጋ ከተገኘ ትርፉ የታወቀ ነው። ለቀማው ሲደራ የቀይ እሸት ዋጋ ከተሰቀለ ግን ውሉ ንቅንቅ አይልም፤ ልዩነቱን አቅራቢው ከኪሱ ይሞላል። ሁለተኛው አብዛኛውን ቡና በዕለቱ ዋጋ እየሸጡ ጥቂቱን መጋዘን ማቆየት ነው። ትርፉ ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብራዚልን ውርጭ እንደመታው ያለ ዓመት ሲመጣ ግን የቆየችው ቡና የብዙ ዓመት ትርፍ ታመጣለች።

እንዲህ ያለውን ለማወዳደር ብዙ ሰው የሚያነሳው ዊልያም ሻርፕ በ1966 ያቀረበውን መለኪያ ነው። ከአማካዩ ትርፍ ላይ ያለ ስጋት የሚገኘውን ይቀንሱና ቀሪውን ለትርፉ መዋዠቅ፣ ማለትም ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ያካፍሉታል።

ስሌቱ ጎልቶ እንዲታይ ብዬ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች እንውሰድ። ዋጋ የሚቆርጠው አቅራቢ በአሥር ዓመት ውስጥ ዘጠኙን 16 በመቶ አተረፈ፣ በአንዱ 20 በመቶ ከሰረ። የሚያቆየው ዘጠኙን 8.8 በመቶ፣ አንዱን 44.8 በመቶ አተረፈ። የሁለቱም አማካይ 12.4፣ የሁለቱም መዋዠቅ 10.8 ነው። ባንክ ቢቀመጥ የሚገኘውን 7 በመቶ ብለን ብንቀንስ ለሁለቱም ሻርፕ 0.5 ይሆናል። መለኪያው ከአማካዩ መራቅን እንጂ ወዴት እንደራቁ አይጠይቅም። አንዱን ለዕዳ የሚዳርግ ዓመትና ሌላውን የሚያከብር ዓመት በአንድ ሚዛን ይሰፍራቸዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። የሚያቆየው አቅራቢ በዚያ ጥሩ ዓመት 44.8 ሳይሆን 84.8 በመቶ አተረፈ እንበል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። አማካዩ 16.4፣ መዋዠቁ 22.8 ይሆንና ሻርፑ ወደ 0.41 ይወርዳል። ሰውየው ምንም ሳያጣ ተጨማሪ ገንዘብ አገኘ፣ ውጤቱ ግን ቀነሰ። ትርፉ ወደ አንድ ወገን ባዘነበለ ሥራ ላይ ሻርፕን ብቻ ይዞ ደረጃ ማውጣት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሶርቲኖስ? እሱ ከተቀመጠው ግብ በታች የወረደውን ብቻ ስለሚቆጥር ላይኛውን አይቀጣም። ወደ መጀመሪያዎቹ ቁጥሮች እንመለስ፤ ግቡ 7 በመቶ ከሆነ ዋጋ ቆራጩ 0.63 ያገኛል። የሚያቆየው ግን ከ7 በታች ወርዶ ስለማያውቅ አካፋዩ ዜሮ ሆኖ ስሌቱ ይቆማል። ግቡን ወደ 10 ከፍ ስናደርገው የመጀመሪያው 0.25፣ ሁለተኛው 2.1 ይሆናል። ሦስት ነጥብ ብቻ ፈቀቅ ያለ ግብ ውጤቱን እንዲህ ከገለባበጠው ግቡን ማን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ ማየት ግድ ነው። እኔ ብድሩ የሚጠይቀውን ወለድ ነው የምወስደው።

የሶርቲኖ ትልቁ ችግር ግን ክፉው ዓመት ገና ካልመጣ ነው። በአሥር ዓመት አንዴ የሚደርስ ኪሳራ በአሥር ዓመት መዝገብ ውስጥ ጭራሽ ያለመታየት ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው፤ 0.9ን አሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት ይበቃል። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ የሚመጣ ዋጋ ቆራጭ ሻርፑ 5 ወይም 6 ቢወጣለት አይገርምም፤ በሶርቲኖ ደግሞ ምንም ስጋት የሌለበት ይመስላል። በ1998 የወደቀው የአሜሪካው ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንትም ከውድቀቱ በፊት መዝገቡ ያማረ ነበር፣ ከአጋሮቹም ሁለቱ የኖቤል ተሸላሚዎች ነበሩ። ስለዚህ ሻርፑ ከ3 በላይ የሆነ መዝገብ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ኪሳራው የት እንደተደበቀ ነው።

መልሱ ከቁጥሩ ሳይሆን ከውሉ ይገኛል። ዋጋው ተቆርጧል ወይስ ከገበያው ጋር ይሄዳል? እሸቱ ቢወደድ ማን ይሸከማል? የቀይ እሸት ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ቢጨምር የዚህ ዓመት ስሌት ምን ይመስላል? ያልደረሰውን ዓመት በዚህ መንገድ ሠርቼ መዝገቡ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ከዚያ ብድሩን አያለሁ፤ ብድር ሲጨመር ትርፉም መዋዠቁም አብረው ስለሚያድጉ ሻርፕ እምብዛም አይነቃነቅም። አንድ ሚሊዮን ብር ያለው አቅራቢ ሁለት ሚሊዮን ተበድሮ እሸት ቢገዛና 20 በመቶ ቢከስር 600 ሺህ ብር ሄደ። በ15 በመቶ የግማሽ ዓመት ወለድ 150 ሺህ ሲጨመር ከራሱ ገንዘብ 250 ሺህ ይቀረዋል። በቀጣዩ ጥቅምት የእሸት መግዣ ብድር የሚሰጠው ባንክ ካላገኘ ደግሞ አሥረኛው ዓመት የመጨረሻው ነው፤ አማካይ የሚባለውም ነገር ለእሱ ትርጉም አይኖረውም። ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ እንግዲህ ከሻርፑ አጠገብ ሁልጊዜ የምጽፈው ሌላ ቁጥር ይህ ነው፦ ከክፉው ዓመት በኋላ በእጅ የሚቀረው የራስ ገንዘብ። በዋጋ ቆራጩ መስመር ላይ 250 ሺህ ብር ይጻፋል።