ከታፔላና ከሙሉ ገጽ የተለቀመን ጽሑፍ እንዴት እንዳኝ?

ቴሰራክት ከፎቶ ላይ ፊደል ለቅሞ ወደሚታረም ጽሑፍ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም ነው። ሰው በእሱ የሠራውን ሲያሳየኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ገጹን በየትኛው ቁጥር ከፋፈልከው? የየትኛውን ቋንቋ ዳታ ሰጠኸው?

መቀሌ፣ ቃላሚኖ ውስጥ የተነሳ የሱቅ ታፔላ ፎቶ እናስብ። ከላይ የሱቁ ስም በትግርኛ፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ፣ ጥጉ ላይ ስልክ ቁጥር፤ ዙሪያው ቆርቆሮና ሽቦ። ቁጥር ካልሰጡት ቴሰራክት በ3 ይሠራል። 3 ዓምድና አንቀጽ ያለው ገጽ ይፈልጋል፤ ታፔላው ላይ ያንን ሲያጣ የተበታተኑትን ቃላት ይዘላል፣ አንዳንዴም ገጹ ባዶ ነው ብሎ ይመልሳል። እዚህ የሚሠራው 11 ነው፤ ጽሑፍ የመሰለውን ሁሉ ካለበት ይለቅማል።

```
tesseract tapela.png out -l tir+eng --psm 11 tsv
```

የ11 ዋጋው የቆርቆሮውን ሸንተረር ጭምር ፊደል ማድረጉ ነው። ስለዚህ `tsv` ፋይሉን ከፍተው `conf` የሚለውን ዓምድ ይዩ። ነጥባቸው ዝቅ ያለ፣ ብቻቸውን የቆሙ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ ከሽቦ የመጡ ናቸው። ጥሩ ሠራተኛ እዚህ አያቆምም፦ የሱቁን ስም መስመር ለይቶ ይቆርጥና በ`--psm 7`፣ ማለትም አንድ መስመር ብቻ ነው ብሎ፣ እንደገና ያስነብበዋል።

የቋንቋውን ምርጫ ለመፈተን አንድ ቃል ይበቃል። ታፔላው ላይ «መቐለ» ተጽፎ ውጤቱ «መቀለ» ካለ፣ `tir` መሰጠት ሲገባው `amh` ተሰጥቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቐ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በተለምዶ ስለማይገባ የአማርኛው ዳታ ወደሚያውቀው ቀ ሊወስደው ይችላል። ፊደላችን አንድ ነው ብለው `amh`ን ለሁሉም የሚሰጡ ሰዎች ይህን ስሕተት ከመቶ ፎቶ ላይ በእጅ ሲለቅሙ ይከርማሉ። ለደህንነት ሲባል `tir+amh+eng` ብሎ መደርደርም ንባቡን ያዘገያል፣ ቀንና ቐን የማምታቻ በርም ይከፍታል።

ባለ ሁለት ዓምድ የአማርኛ መጽሔት ገጽ ግን የተለየ ዳኝነት ይጠይቃል። በ11 የተነበበ እንደሆነ ቃላቱ ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ይጠፋል፤ 11 ስለ ቅደም ተከተል ቃል አይገባምና። በ6 ከሆነ ደግሞ ገጹን አንድ ወጥ ብሎክ ስለሚያደርገው የግራው ዓምድ መስመር ከቀኙ ጋር ይጣበቃል። ፊደል በፊደል የሚያርም ሰው ይህን ላያየው ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ የሚያነብ ግን ወዲያው ያገኘዋል። እኔ የመጀመሪያውን ዓምድ የመጨረሻ መስመር አነብና ቀጥሎ የሁለተኛው ዓምድ ራስ መምጣቱን አያለሁ። እንዲህ ላለ ገጽ `-l amh --psm 3` ይበቃል።

`tessdata_best` የሚባለው ዘገምተኛ ዳታ ለመጽሐፍ ገጽ ቢመረጥ ደስ ይለኛል፤ የተሳሳተ የክፍፍል ቁጥርን ግን አያርምም። አንድ ቁጥር ለታፔላውም ለመጽሔቱም የሰጠን ሥራ አልቀበልም።