ላዕሉ ያው ነው፣ ታህቱ ግን

የእንቅልፍ መድኃኒቱን ጥያቄ የሠራሽበትን ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። ስሌቱ ላይ ግድፈት አላገኘሁም። አማካዮቹ ልክ ናቸው፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኖቹም ልክ ናቸው፣ ቲ 1.86 ወጥቷል፣ ፒ ቫልዩም 0.079 ነው። ካልኩሌተሩን እኔ ብይዘው ኖሮ እንዲህ ጥርት አድርጌ አልሠራውም። ስህተቱ ያለው ካልኩሌተሩን ከማንሳትሽ በፊት፣ ቴስቱን በመረጥሽበት መስመር ላይ ነው። ከማስረከብሽ በፊት ጊዜ ስላለ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

ጥያቄው ስለማይነግረን ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ልንገርሽ። ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጡት የእንቅልፍ መረጃ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራው ዊሊያም ጎሴት «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ምሳሌ አድርጎ ወሰደው። ቲ ቴስት ዛሬም የስቱደንት የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። የመድኃኒቶቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ጎሴት ራሱ አሳስቶ ነው የጻፋቸው፤ ለኛ ደግሞ አንድና ሁለት ብንላቸው በቂ ነው።

ታካሚዎቹ አሥር ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር ታካሚው መድኃኒቱን ሲወስድ፣ ካልወሰደበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ስንት ሰዓት ጨምሮ እንደተኛ ይናገራል። ሦስተኛው ረድፍ ያንቺ ወረቀት ላይ የለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

```
ታካሚ    1    2    3    4    5    6    7    8    9   10
አንድ  0.7 -1.6 -0.2 -1.2 -0.1  3.4  3.7  0.8  0.0  2.0
ሁለት  1.9  0.8  1.1  0.1 -0.1  4.4  5.5  1.6  4.6  3.4
ልዩነት 1.2  2.4  1.3  1.3  0.0  1.0  1.8  0.8  4.6  1.4
```

አንቺ የላይኛውን ረድፍ እንደ አንድ ቡድን፣ ሁለተኛውን እንደ ሌላ ቡድን ወሰድሽ። 0.75 እና 2.33 የሚሉትን አማካዮች አወጣሽ፣ ልዩነታቸውን 1.58 በስታንዳርድ ኢረሩ 0.849 አካፈልሽ፣ 1.86 አገኘሽ። ሃያ የተለያዩ ሰዎች ቢኖሩ፣ አሥሩ አንደኛውን፣ አሥሩ ሁለተኛውን መድኃኒት ወስደው ቢሆን ይህ ትክክለኛ አሠራር ነበር። እዚህ ግን ያሉት አሥር ሰዎች ብቻ ናቸው። ከላይ 3.7 ያለው ሰባተኛው ታካሚና ከታች 5.5 ያለው ሰባተኛው ታካሚ አንድ ሰው ነው።

እንዴት እንደተሳሳትሽ ይገባኛል። አር ላይ ይህ መረጃ `sleep` በሚል ስም ይገኛል፤ ዓምዶቹም `extra`፣ `group` እና `ID` ናቸው። `group` የሚለውን ያየ ሰው ሁለት ቡድን አለ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የአር መመሪያ ራሱ ይህ ስም ሊያሳስት እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ፍንጩ ያለው ማንም ልብ በማይለው በሦስተኛው ዓምድ ነው፦ `ID` ከ1 እስከ 10 ይሄድና እንደገና ከ1 ይጀምራል።

አሁን ሦስተኛውን ረድፍ እዪው። ከእያንዳንዱ ሰው ሁለተኛ ቁጥር የራሱን የመጀመሪያ ቁጥር ስትቀንሺ አሥር ልዩነቶች ይቀሩሻል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የአንድ ናሙና ቲ ቴስት ነው። የልዩነቶቹ አማካይ 1.58 ነው። ልብ በዪ፣ ካንቺ 1.58 ጋር አንድ ነው፤ የአማካዮች ልዩነትና የልዩነቶች አማካይ ምንጊዜም እኩል ናቸው። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 1.23 ነው፣ ለአሥር ካሬ ሥር ሲካፈል 0.389 ይሆናል። 1.58 ለ0.389 ሲካፈል 4.06 ይመጣል። በ9 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ፒ ቫልዩው 0.0028 ነው። አንቺ «በ5 ፐርሰንት ደረጃ ልዩነት የለም» ብለሽ የዘጋሽው ጥያቄ በ1 ፐርሰንትም ደረጃ ይከፈታል።

ላዕሉ ሳይነካ መልሱ የተገለበጠው ታህቱ ከ0.849 ወደ 0.389 ስለወረደ ነው። ሰው የሠራውን የመላምት ፈተና ስመለከት አሁን አሁን ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ታህቱ ነው። ላዕሉን ሁሉም ሰው በትክክል ያወጣዋል፤ ታህቱ ግን ሠሪው መረጃው እንዴት ተሰበሰበ ብሎ እንደሚያምን ያሳብቃል።

ታህቱ ለምን እንዲህ ወረደ? ስድስተኛውና ሰባተኛው ታካሚ በሁለቱም መድኃኒት ብዙ ይተኛሉ፤ ሁለተኛውና አራተኛው ደግሞ በሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። ሰው ከሰው የሚለያይበት ይህ ሰፊ ርቀት ስለ መድኃኒቶቹ ምንም አይነግረንም። አንቺ ግን ታህት ውስጥ ጨምረሽዋል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ሚዛን ላይ ሲወጣ የጤፉን ክብደት የሚያውቁት ያንኑ መኪና ባዶውን መዝነው ነው፤ የሌላ መኪና ባዶ ክብደት ቢቀንሱ የመኪኖቹ መለያየት ጤፉ ላይ ይቆጠራል። በቀመር እንየው ካልሽ የልዩነቱ ቫሪያንስ እንዲህ ነው፦

`s1² + s2² − 2·r·s1·s2`

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 3.20 እና 4.01 ናቸው፤ ድምራቸው 7.21። አንቺ እዚህ ላይ አቁመሻል፤ `r` ዜሮ ነው እንዳልሽ ይቆጠራል። በዚህ መረጃ ውስጥ ግን `r` ወደ 0.80 ይጠጋል። የሚቀነሰው ክፍል 5.70 ያህል ስለሆነ የሚቀረው 1.51 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር አለ። ከላይ እንዳልኩሽ ቁጥሮቹ «ጭማሪ» ናቸው፤ ከእያንዳንዱ መለኪያ ላይ ታካሚው ያለ መድኃኒት የተኛው ሰዓት ተቀንሷል። ለሁለቱም መድኃኒቶች የተቀነሰው ደግሞ ያው አንድ ቁጥር ነው። ታካሚው ያለ መድኃኒት ባደረባቸው ሌሊቶች በአጋጣሚ ጥቂት ተኝቶ ከነበረ ሁለቱም ጭማሪዎች አብረው ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ሰዎቹ በተፈጥሯቸው ባይለያዩ እንኳ ሁለቱ ረድፎች ነፃ ሊሆኑ አይችሉም ነበር። ስንቀንሳቸው ያ የጋራ ቁጥር ይጠፋል።

ለራስሽ ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሁለተኛውን ረድፍ በውዢው፣ ቁጥሮቹን እንደፈለግሽ አቀያይሪያቸው። ያንቺ አሠራር አሁንም 1.86 ይላል፤ ማን የማን እንደሆነ አይቶ አያውቅምና። እኔ የሠራሁት ግን ይበላሻል። መበወዙ መረጃውን የሚጎዳው ከሆነ ጥንድ ነበር ማለት ነው፤ ምንም የማይጎዳው ከሆነ ያንቺ ቴስት ትክክለኛው ነው። ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ስለ ቁጥሮቹ አይደለም፣ ስለ አሰባሰባቸው ነው። ሁለቱንም ቴስት ሠርተሽ ፒ ቫልዩው ያነሰውን እንዳትመርጪ የምለው ለዚህ ነው። እንዲያውም ማጣመር ዋጋ አለው፦ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ከ18 ወደ 9 ይወርዳል፣ የሚታለፈው ቁጥርም ከ2.101 ወደ 2.262 ከፍ ይላል። በጥንዶቹ መካከል ዝምድና ከሌለ ከስረሽ ትወጫለሽ።

አር ላይ እንዲህ ጻፊው፦

```
with(sleep, t.test(extra[group == 2],
                   extra[group == 1],
                   paired = TRUE))
```

ዘጠነኛውን ታካሚ አይተሽ «4.6 ብቻውን ነው ውጤቱን ያመጣው» ትይ ይሆናል። እኔም ጠርጥሬ አውጥቼው ሞከርኩ። አማካዩ ከ1.58 ወደ 1.24 ይወርዳል፣ ቲ ግን 5.66 ይሆናል፤ ከፍ አለ እንጂ አልወረደም። ያ ሰው ላዕሉን ቢያሳድግም ታህቱን ይበልጥ ያሳድገው ነበር። ይህ ግን እሱን ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም፤ ወረቀቱ ላይ አሥሩንም ይዘሽ ቀጥዪ። የልዩነቶቹ ቅርጽ ካሳሰበሽ ምልክታቸውን ብቻ ቁጠሪ፦ አንዱ ዜሮ ነው፣ የቀሩት ዘጠኙ ሁሉም ወደ ሁለተኛው መድኃኒት ያደላሉ። መድኃኒቶቹ እኩል ቢሆኑ ዘጠኙም ወደ አንድ ወገን የመውደቃቸው ዕድል 2/512፣ ማለትም 0.0039 ነው። ምንም ኖርማል ስርጭት ሳንገምት እዚያው አካባቢ ደረስን።

አሁን ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ። «ባዶ መላምቱን ተቀብለናል፤ በመድኃኒቶቹ መካከል ልዩነት የለም» ብለሻል። ይህ ያንቺ ቴስት ትክክል ቢሆን ኖሮ እንኳ አያስኬድም። ራስሽ ያወጣሽው የ95 ፐርሰንት ኢንተርቫል ከ−0.20 እስከ 3.36 ሰዓት ነው። ዜሮ ውስጡ አለ፣ እውነት ነው፤ ግን ሁለት ሰዓትም ውስጡ አለ፣ ሦስት ሰዓትም አለ። አንድ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሦስት ሰዓት ቢጨመርለት ልዩነት የለም አይልሽም። ከ0.079 ተነስተሽ ልትይ የምትችይው «ባዶውን መላምት ለመጣል በቂ ማስረጃ አላገኘንም» ብቻ ነው። በጥንድ ሲሠራ ኢንተርቫሉ ከ0.70 እስከ 2.46 ይጠባል፤ መልስሽ ላይ ፒ ቫልዩውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ጻፊው፤ ሁለተኛው መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደሚበልጥ የሚናገረው እሱ ነውና።

መላምቱንም አብረሽ አስተካክዪ። `μ1 = μ2` ከማለት `μd = 0` በዪ፤ `d` የእያንዳንዱ ታካሚ ልዩነት መሆኑን በአንድ መስመር ግለጪ። የሚታረመው ይህ መስመር፣ ታህቱና መደምደሚያው ነው፤ የአማካዮቹን ስሌት እንዳለ ተዪው።

ወደሚቀጥለው ጥያቄ ስታልፊ ደግሞ በተቃራኒው እንዳትሳሳቺ እፈራለሁ። እዚያ ሁለት ዓይነት የበቆሎ ዘር በተለያዩ ማሳዎች ተዘርቷል፤ በሁለቱም በኩል የማሳው ቁጥር እኩል ነው። ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ብቻ የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያልሽ አትቀንሺ። ማሳዎቹ ጎን ለጎን መሆናቸውን ወይም በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ መሆናቸውን ጥያቄው የትም አይልም። ያንን ረድፍ በውዢው፣ የሚጠፋ ነገር የለም። የመጀመሪያው አሠራርሽ የሚገባው እዚያ ነው።