ገመዱ የሚቋረጠው መቼ ነው?

ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራውን በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሁሉ ያቺን ድምፅ ያውቃታል። ዊንዶውስ ላይ አንድ ዕቃ ሲሰካ ወደ ላይ የምትወጣ ድምፅ ትሰማለች፤ ሲነቀል ደግሞ ወደ ታች ትወርዳለች። ሞዴሏ ቆማ፣ ደንበኛዋ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ ማንም ምንም ሳይነቅል ወራጇ ድምፅ ከተሰማች ካሜራው ከላፕቶፑ ተለይቷል። ብዙ ሰው ድምፁን ለደንበኛ ክብር ሲል ያጠፋዋል። እኔ አላጠፋም፤ ችግሩ የት እንዳለ መጀመሪያ የምትነግረኝ እሷ ናትና። ወራጇ ድምፅ ከተሰማች ጥፋቱ ከኬብሉ፣ ከሶኬቱ፣ ከኃይሉ ወይም ከካሜራው ዘንድ ነው። ድምፅ ሳይሰማ ፕሮግራሙ ብቻ «ካሜራ የለም» ካለ ግን ገመዱ ደህና ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ካሜራውን ቀምቶታል ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ደንዝዟል። ሶፍትዌር ዘግቶ መክፈት የሚጠቅመው በዚህኛው ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥዬ የምጠይቀው ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነው። «ሁልጊዜ ይቋረጣል» የሚል መልስ ለምንም አይረዳኝም። ሰው አረፍ ካለ በኋላ ነው? ካሜራው ሲዞር ነው? ወይስ ፎቶው እየተላለፈ እያለ መሃል ላይ ነው?

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጠርቶኝ ስቱዲዮው ሄድኩ። ለአንዲት ዲዛይነር የሐበሻ ቀሚስ ካታሎግ እያነሳ ነበር። ካሜራው ካኖን 5ዲ ማርክ 4፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው። ከካሜራው የሚነሳው 3 ሜትር የሚሆን የዩኤስቢ 3 ኬብል ነበረ፤ እሱ ስላልበቃው ሌላ 3 ሜትር ማስረዘሚያ ቀጥሎበታል። የማስረዘሚያው ጫፍ ደግሞ ማውስና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በተሰኩበት ትንሽ ሃብ በኩል ነው ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባው። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። «ጋሼ፣ ዊንዶውሱን ራሱ ፎርማት ላድርገው እንዴ?» አለኝ። ተው፣ መጀመሪያ ሥራህን ቀጥልና ልይህ አልኩትና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው መቋረጥ የመጣው ሞዴሏ ልብስ ልትቀይር ገብታ ስትመለስ ነው። የሐበሻ ቀሚስ መቀየር እንደ ቲሸርት አይደለም፤ መቀነቱ ይታሰራል፣ ነጠላው ይስተካከላል፣ ጥለቱ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ይጠበቃል። በዚህ መሃል ካሜራው የተባለውን ያደርጋል፤ ማንም ካልነካው ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል። ካኖን ላይ ሜኑ ውስጥ `Auto power off` የሚለው ነው። ከላፕቶፕ ጋር ሲሠራ `Disable` ላይ መሆን አለበት። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ግን ለስቱዲዮ ሥራ ተጨማሪ ባትሪ ቻርጅ አድርጎ መያዝ የግድ ነው። ላፕቶፑም በበኩሉ ያው ጠባይ አለው። `Device Manager` ውስጥ `USB Root Hub` የሚለውን ከፍቶ፣ `Power Management` ላይ `Allow the computer to turn off this device to save power` ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። ሁለቱን አስተካከልን። ከዚያ በኋላ ዲዛይነሯ ቡና ጠጥታ እስክትመለስ ድረስ ካሜራው ሳይለይ ጠበቃት።

ሁለተኛው መቋረጥ ሌላ ነው። ልጁ በአግድም ሲያነሳ ሁሉ ሰላም ነው፤ ሙሉ ቁመት ለመያዝ ካሜራውን ሲያቆመው ወራጇ ድምፅ ትሰማለች፣ ወዲያው ደግሞ ወጪዋ። ይህን ለመረዳት የኬብሉን አፍ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የዚህ ካሜራ የዩኤስቢ ቀዳዳ በግራ ጎኑ ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲያቆም ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ግራ ጎኑ ወደ መሬት ይዞራል፣ የኬብሉም ክብደት በሙሉ መሰኪያውን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይጎትተዋል። መሰኪያው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ መሃሉ ገባ ያለ፣ ሁለት ክፍል ያለው ነው። ትልቁ ክፍል የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ ትንሹ ለዩኤስቢ 3 ፍጥነት የተጨመረ ነው። ጥልቀቱ የጥፍር ያህል እንኳ አይሆንም። ትንሽ ሲያጋድል አንዳንዱ መገናኛ ይለቃል፣ አንዳንዱ ይነካል፤ ላፕቶፑም ካሜራው ወጣ፣ ገባ ይላል። ከዚህ የሚብሰው ቀዳዳው ካሜራው ውስጥ ካለው ቦርድ ጋር የተበየደ መሆኑ ነው። በየቀኑ ሲጎተት ብየዳው ይላላና ከዚያ በኋላ ምንም ኬብል ቢቀየር መፍትሔ የለውም።

ካኖን ለዚህ ካሜራ ኬብሉን የሚይዝ ትንሽ መከላከያ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሸጣል። የልጁን ጠየቅኩት፤ ካርቶኑ ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አውጥተን በብሎኑ አሰርነው። እሱ ለጠፋበት ሰው ኬብሉን መሰኪያው አጠገብ ትንሽ አላልቶ፣ አጥፎ ከትራይፖድ ፕሌቱ ወይም ከማንገቻው ቀለበት ጋር በቬልክሮ ማሰር ይበቃዋል። ዋናው ነገር ሰው ሲረግጠው የሚጎተተው ማሰሪያው እንጂ መሰኪያው እንዳይሆን ነው። የላፕቶፑም ጫፍ ከጠረጴዛው እግር ጋር እንዲሁ ይታሰር፤ ብዙ ሰው የካሜራውን አስሮ ይህኛውን ይረሳዋል።

ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ሞዴሏ ቀሚሱን ይዛ ስትሽከረከር ልጁ ተከታታይ ያነሳል። ከጥቂት ፎቶ በኋላ ማስተላለፉ ይቆማል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ካሜራው ይለያል። ማንም አልተኛም፣ ማንም አልጎተተም። እዚህ ላይ የምሞክረው ቀላል ነገር ነው። ካሜራውን ላፕቶፑ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሃቡንም ማስረዘሚያውንም አውጥቶ፣ በአጭር ኬብል በቀጥታ ሰክቶ ያንኑ ያህል ማንሳት። አደረግነው። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ስለዚህ ካሜራውም፣ ላፕቶፑም፣ ያ የተወቀሰው ሶፍትዌርም ነፃ ወጡ። የቀረው መሃል ያለው ገመድ ነው።

ዩኤስቢ 3 በጣም ፈጣን የሆነ ምልክት በቀጭን ሽቦ ላይ ይልካል፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ይደክማል። የመንደር ውኃ ግፊቱ አንሶ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደማይደርሰው ማለት ነው። የራሱ ማጉያ የሌለው የዩኤስቢ 3 ኬብል በተግባር የሚታመነው እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ዩኤስቢ 2 ግን ዝግ ያለ ስለሆነ እስከ 5 ሜትር ይፈቀድለታል። የልጁ መስመር በጠቅላላው 6 ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ አለው፣ መጨረሻው ላይ ሃብ አለው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የራሱን ይቀንሳል። አንድ አንድ ፎቶ ሲነሳ ያልፋል፤ ፋይሉ ሲደራረብ ግን ስህተቱ ይበዛና ላፕቶፑ ግንኙነቱን ይጥለዋል።

ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የሚያስበው ውድ ኬብል መግዛት ነው። የኔ ምክር ሌላ ነበር፤ ፍጥነቱን ተወው አልኩት። የዚህ ካሜራ ሰፊ ቀዳዳ ተራውን የዩኤስቢ 2 ማይክሮ መሰኪያም ይቀበላል፤ በትልቁ ክፍል ብቻ ይገባል። አንድ የ5ዲ ማርክ 4 ሮው ፋይል 36 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በዩኤስቢ 2 ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ይደርሳል። ለካታሎግ ሥራ፣ ሞዴሏ አቋሟን እስክትቀይር ድረስ፣ ይህ በቂ ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ፣ መጋጠሚያ የሌለው፣ ወፍራም የ5 ሜትር ዩኤስቢ 2 ኬብል አምጥተን በቀጥታ ላፕቶፑ ውስጥ ሰካነው። ጠባቡ መሰኪያ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ስለሚወዛወዝ የካኖኑ መከላከያ በደንብ አይዘውም፤ በቬልክሮ ጠበቅ አድርገን አሰርነው። ሽክርክሩ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ያለ ወራጇ ድምፅ አለቀ። ስፖርት ወይም የፋሽን ትርዒት ለሚያነሳ ሰው ይህ አይሆንም፤ ፋይሉ ካሜራው ውስጥ ተከማችቶ መጠበቅ ይጀምራል። ለእሱ አጭር ዩኤስቢ 3 ኬብል ይዞ ላፕቶፑን በጎማ ጠረጴዛ ማስጠጋት ይሻለዋል።

ከ5 ሜትር በላይ የግድ ከሆነ ማጉያ ያለው ማስረዘሚያ አለ። እሱ ግን ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው። አንድ የዩኤስቢ 2 መውጫ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። ኃይል በሌለው ሃብ ላይ ከሃርድ ዲስክ ጋር ከተሰካ ዲስኩ መዞር ሲጀምር ማጉያው ይራባል፣ ካሜራውም አብሮ ይወርዳል። የራሱ ቻርጀር ያለው ሃብ ይሻላል፤ ነገር ግን እኛ አገር መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሃቡ ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚቋረጠውን ማንም ከኬብል ጋር አያያይዘውም። ሃቡን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው።

ድምፅ ሳይሰማ ካሜራው ለሚጠፋበት ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ልጥቀስ። ማክ ላይ `Photos` ወይም `Image Capture` ካሜራ ሲሰካ ራሱ ይከፈትና ይይዘዋል፤ ላይትሩም ሲጠይቅ ካሜራው ተይዟል። ዊንዶውስ ላይም ላይትሩምና `EOS Utility` አብረው ከተከፈቱ ይሻማሉ፤ አንዱ ይዘጋ። የ5ዲ ማርክ 4 ዋይፋይ ከተከፈተ ግን ካሜራው ከመጀመሪያውም በኬብል አይገናኝም፤ ስልክ ላይ ፎቶ ልኮ ሳይዘጋው ለረሳ ሰው ግማሽ ቀን ሊያባክን ይችላል።

ዲዛይነሯ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት «ሲቋረጥ የተነሳው ፎቶ የት ገባ?» የሚለው ነበር። `EOS Utility` ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ብቻ እንዲያስቀምጥ ከተደረገ በመሃል የተቋረጠው ላይገኝ ይችላል። ላፕቶፑም ካርዱም ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ የልጁ እንደዚያ አልነበረም፣ ቀየርነው። ሲቋረጥም ገመዱን መንቀል አይቀድምም። ካሜራው ካርድ ላይ መጻፉን የሚያሳየው ቀይ መብራት እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ ካሜራው ይጠፋል፣ ከዚያ ገመዱ ተነቅሎ ይሰካል፣ መጨረሻ ላይ ካሜራው ይበራል።

ከመሄዴ በፊት ማስረዘሚያውን ልጁ ጠቅልሎ ወደ ቦርሳው ሲመልሰው አየሁት። ለሌላ ይሆናል አለኝ። ወይ ለፕሪንተር ስጠው፣ ወይ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፍበት አልኩት፤ ቦርሳ ውስጥ ጥሩውና መጥፎው ኬብል በመልክ አይለዩም።