በአምስት ነጥብ የቆመ ቀንድ

የዋልያ ቀንድ በአምስት ነጥብ ይሳላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም ነበር፤ አሁን ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳላሳይ አላልፍም!

ነገሩ የመጣው ከዛሪማ ነው። አንድ የወጣቶች ማኅበር ዓርማውን በጥቁር ቲሸርት ላይ ማሳተም ፈለገ። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ላለ ሰው ዓርማው ዋልያ ቢሆን አይገርምም። የደረሰኝ ግን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ፣ ስፋቱ 160 ፒክስል የሆነ ጄፔግ ነው። ጎላ ሲያደርጉት ቀንዱ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፣ ጠርዙን ግራጫ ብናኝ ይወረዋል።

ኢንክስኬፕ ላይ Trace Bitmap የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ምስሉን ተከትሎ ራሱ ይስላል። ምስሉ ትልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ግሩም ነው። እንዲህ ላለው ግን ደረጃውንም ብናኙንም ቅርጽ መስሎት ይገለብጠዋል። N ተጭናችሁ ቀንዱን ስትነኩት በነጥብ ተወሮ ካያችሁት፣ የተሳለው ቀንዱ ሳይሆን ፒክስሉ ነው።

ምስጢሩ ይኸውላችሁ! ምስሉን ከሥር አፍዝዛችሁ ቆልፉና በቤዚየር ብዕር ራሳችሁ ሳሉ። ነጥብ የምታስቀምጡት ማዕዘን ባለበትና ኩርባው መውጣቱን አቁሞ መውረድ በሚጀምርበት አናት ላይ ብቻ ነው። ለቀንዱ ሥሩ ላይ ሁለት፣ በውጩና በውስጡ ኩርባ አናት ላይ አንድ አንድ፣ ሹሉ ላይ አንድ፤ በቃ! አናት ላይ ያሉትን እጀታዎች Ctrl ይዛችሁ አግድም ዘርጓቸው። ፒየር ቤዚየር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሬኖ ውስጥ ለመኪና አካል ንድፍ ያዋለው ሒሳብ የቀረውን ይሞላዋል። መስመሩ እንደ ቅቤ ይፈሳል፤ ግድግዳ አክሎ ቢለጠጥም አይሸራረፍም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀለሙ ነው። በቀድሞው ዓርማ ጥቁር አረንጓዴው የዋልያው ጥላ ነበር፤ ብርሃን ያረፈበት ግንባሩ አልተቀባም፣ ወረቀቱ ነው። አረንጓዴውን በነጭ ብትለውጡት ጥላው ያበራል፣ ግንባሩ ይጨልማል፤ የፎቶ ኔጋቲቭ ይመስላል። ስለዚህ ያንን ባዶ ግንባር ራሱን የቻለ ቅርጽ አድርጌ ሳልኩትና ክሬም ቀባሁት፤ ጥላውን አጠፋሁት፣ ቲሸርቱ ራሱ ጥላ ሆነ! እንስሳው ከጨለማ ብቅ አለ።

ከጀርባው ያለው ተራራ አረንጓዴነቱን እንዲይዝ ፈለግሁ። የቀድሞው #14532D በጥቁር ላይ የንጽጽር መጠኑ 2.3 ገደማ ነው፤ ለምስል የሚመከረው ትንሹ 3 ነውና ከሩቅ አይታይም። #5FA777 ሳደርገው ከ7 አለፈ።

አንድ ነገር አትርሱ። ፈካ ያለ ቀለም በጥቁር ላይ ለዓይን ወፈር ይላል፣ የኅትመት ቀለሙም ጨርቅ ላይ ትንሽ ይሰፋል። በቀንዱ ቋጠሮዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ ካላደረጋችሁት ቋጠሮዎቹ ይያያዛሉ።