ተኝተውም የማይረጋ የልብ ምት

«ልቤ ትር ትር ይልብኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው በያዮም በመቱም ብዙ ነው። አገሩ የቡና አገር ነውና ምክንያቱን ቤተሰብና ጎረቤት አስቀድመው ሰጥተውት ይመጣል፤ ቡና አብዝታ ነው፣ ሐሳብ ገብቷት ነው፣ እንቅልፍ አጥታ ነው ይባላል። እነዚህ ሁሉ እውነትም ልብን ያፈጥናሉ። ግን ቡናው በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፣ ጭንቀቱም ይመጣል ይሄዳል። ለሳምንታት ጠዋትም ማታም፣ ተቀምጠውም ጋደም ብለውም በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታ ልብ ግን ሌላ ነገር ይዞታል። በጤና መኮንንነት ስሠራ ቡናና ሐሳብ ከኋላቸው ደብቀዋቸው ደጋግሜ ያገኘኋቸው ሁለት ናቸው፤ ደም ማነስና ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቆጠራው ነው። ወረፋ ሲበዛ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተለመደ ነው፤ በዚህ አቆጣጠር ግን አንዲት ምት ብታመልጥ ስህተቱ አራት ይሆናል። በሽተኛው ከጫካ ውስጥ መንደር ዳገት ወጥቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ የምንቆጥረው የመንገዱን ድካም ነው። ስለዚህ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ያርፋል። ከዚያ ከአውራ ጣቱ በታች ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሌባ ጣቴንና መሃል ጣቴን አሳርፌ ሙሉ 60 ሰከንድ እቆጥራለሁ። አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው ለዚህ አይሆንም። እየቆጠርኩ ምቱ በእኩል ርቀት መምጣቱንም አዳምጣለሁ። ወጥነት ከሌለው ቆጠራውን በማዳመጫ ደረት ላይ እደግመዋለሁ፤ ደካማ ምቶች እጅ ሳይደርሱ ስለሚቀሩ በእጅ ብቻ የቆጠረ ሰው ልቡን ከእውነቱ ዝግ ያለ አድርጎ ይመዘግባል። ትኩሳት፣ እርግዝና፣ የቆየ ሳልና የሰውነት ፈሳሽ ማነስ አለመኖራቸውን ካየሁ በኋላ ነው ወደ ሁለቱ የምሄደው።

ሁለቱ ልብን የሚያፈጥኑበት መንገድ የተለያየ ነው፤ የሕክምናው ልዩነትም ከዚህ ይመጣል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ደሙ ኦክስጅን የሚሸከምበት ሄሞግሎቢን ጎድሎታል። በቡና ለቀማ ጊዜ ቅርጫት ያነሰበት ለቃሚ ምልልሱን እንደሚያበዛ፣ ልቡም በትንሽ ጭነት ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። እዚህ ላይ ፍጥነቱ ሰውየውን በሕይወት የያዘው መላ ነው። በታይሮይድ በሽታ ግን ደሙ አልጎደለም፤ በዝቶ የሚፈሰው ሆርሞን ልብን ራሱን ያስቸኩለዋል፣ ሰውነትንም ያነደዋል፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ሌላው ሲበርደው እሱን ይሞቀዋል። ልብን ዝግ የሚያደርገው ፕሮፕራኖሎል የታይሮይዱን በሽተኛ ያሳርፈዋል። ደሙ እጅግ ያነሰበትን ሰው ግን ያንን ምልልስ ስለሚያስቆምበት ሊጎዳው ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ምቱን ብቻ ለማብረድ ክኒን መጻፍን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። አስም ላለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም መድኃኒቱ አይሆነውም።

አንዲት እናት በዚህ ምልክት ወደ እኔ መጡ። በአርባዎቹ መካከል ያሉ፣ በጫካ ቡና ለቀማ የሚኖሩ፣ እንቅርታቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ያደገ ሴት ናቸው። «ዶክተር፣ ተኝቼም ልቤ አያርፍልኝም፤ ቡናውንም ተውኩት፣ እሱ ግን አልተወኝም» አሉኝ። ካረፉ በኋላ ምታቸው 118 ሆነ፤ ወጥ ነው። ትኩሳት የለም። የታችኛው የዓይን ሽፋናቸው ውስጡ ነጥቷል። ሄሞግሎቢናቸው 8.1 ወጣ፤ ላልጸነሰች ሴት ዝቅተኛው ልክ 12 ነው። በሰገራ ምርመራ የመንጠቆ ትል እንቁላል ታየ። ይህ ትል በባዶ እግር በሚረገጥ እርጥብ መሬት ላይ ይኖርና በቆዳ አልፎ ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ስለሚመጥ የሰውየውን ብረት ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። የወር አበባቸውም ይበዛ ነበር።

እዚህ ላይ ምክንያቱ ተገኘ ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔን ያቆመኝ የቁጥሮቹ አለመመጣጠን ነው። ደም ማነስ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ሲመጣ ሰውነት ይለምደዋል። ደሙ ኦክስጅኑን በቀላሉ መልቀቅ ይጀምራል፣ ልብም በእያንዳንዱ ምት የሚገፋውን ደም ይጨምራል። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ስምንት ገደማ የሆነ ሰው ዳገት ላይ ቶሎ ይደክመዋል እንጂ ቁጭ ባለበት ልቡ ብዙውን ጊዜ እስከ 118 አይሮጥም። እረፍት ላይ ያለ ልብ በግልጽ የሚፈጥነው ሄሞግሎቢኑ ከሰባት እየወረደ ሲሄድ ነው። የተረፈውን ፍጥነት የሚያመጣ ሌላ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው።

እጃቸውን ያዝኩ። ደም ያነሰበት ሰው መዳፉ የነጣ፣ ብዙ ጊዜም ቀዝቃዛ ነው። የእሳቸው ነጥቷል፤ ግን ሞቃትና በላብ የረጠበ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን እንዲከፍቱ አድርጌ አንድ ወረቀት ከላይ አኖርኩበት፤ የወረቀቱ ጫፍ በስሱ ተንቀጠቀጠ። እንቅርቱን ስዳስሰው አንድ ወጥ አልነበረም፤ ሁለት ሦስት እብጠት አለው። «እትዬ፣ መቀነትዎ እንደ ድሮው ነው የሚዞርዎት?» ስላቸው ካምናው አንድ ዙር እንደጨመረ ነገሩኝ፤ ምግባቸው ግን አልቀነሰም።

ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ ምርመራ ለማግኘት በሁሩሙ በኩል ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል መሄድ ነበረባቸው። ማዘዣውን በዚያው ቀን ጻፍኩላቸው። እሳቸው ግን ለቀማው ሳያልቅ መሄድ እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ የዓመት ገቢያቸው ነውና በከንቱ አልተከራከርኳቸውም። ልባቸው ወጥ ነበር፣ እግራቸው አላበጠም፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ አያጥራቸውም፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አላሳድራቸውም ነበር። ለትሉ አልበንዳዞል 400 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ፣ ለደሙ በቀን አንድ የብረት ክኒን ጀመሩ። ብረት ከቡናና ከሻይ ጋር ከተወሰደ አንጀት በደንብ ስለማይቀበለው በክኒኑና በስኒው መካከል ሰዓት እንዲያሳልፉ አደራ አልኩ። ፕሮፕራኖሎል አልሰጠሁም።

አብራቸው የመጣችውን ተማሪ ልጃቸውን ደግሞ ምት መቁጠር አስተማርኳት። እናቷ እንቅልፍ ሲይዛቸው፣ ሳትቀሰቅሳቸው፣ የስልኳን ሰዓት ይዛ ሙሉ አንድ ደቂቃ እንድትቆጥርና በወረቀት እንድትጽፍ ነገርኳት። የተጨነቀ ሰው ልብ እንቅልፍ ሲወስደው ይረጋል። የታይሮይድ ሆርሞን የሚነዳው ልብ ግን እንቅልፍም ብዙ አያበርደውም። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ያም ሆኖ ያለ ምንም መሣሪያ ቤት ውስጥ የሚገኝ ፍንጭ ነው። ልጅቱ ያመጣችው ወረቀት ላይ 104፣ 106፣ 102 ተጽፏል።

በአራተኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኑ 10.3 ደረሰ። ብረቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ዳገቱም እንደ ድሮው እንደማይከብዳቸው ነገሩኝ። የእረፍት ምታቸው ግን 112 ነበር። ደሙ ሁለት ነጥብ ያህል ሲወጣ ምቱ የወረደው በስድስት ብቻ ነው። ወደ መቱ እንዲሄዱ ያሳመናቸው ከእኔ ንግግር ይልቅ ይህ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳያቸው ልጅቱ ቀድማ ገባትና «እማዬ፣ ደምሽ ተመልሷል፣ ልብሽ ግን አልሰማም» አለቻቸው። ደም ማነስ ላይ ደርሰን ሕክምና ከጀመርን በኋላ ሄሞግሎቢኑን ብቻ እንጂ ምቱን ደግመን የማንቆጥር ከሆነ ሁለተኛው በሽታ የሚያመልጠን እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ ቲኤስኤች ከመለኪያው በታች፣ የታይሮይዱ ሆርሞን ፍሪ ቲ4 ከፍ ያለ ሆኖ መጣ። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ያለው ዕጢ ለታይሮይድ የሚልከው «ሥራ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሆርሞን ሲበዛ ትእዛዙ ይቋረጣል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቲኤስኤች ማለት ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ዕጢው ደክሟል ብሎ የሚያነበው ሰው ሕክምናውን ይገለብጠዋል። የልብ ምርመራውም ምቱ ፈጣን ይሁን እንጂ ወጥ መሆኑን አሳየ።

እንቅርት በኢሉባቦር ደጋና ወይና ደጋ አዲስ ነገር አይደለም። ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦታል፣ ጨውም ለረጅም ጊዜ ያለ አዮዲን ሲመጣ ኖሯል። ከኤርትራ መለየት በኋላ አዮዲን የተጨመረበት የአሰብና የምጽዋ ጨው ሲቀር ገበያው ወደ አፍዴራ ዞረ፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ለአሥርት ዓመታት አዮዲን የተራበ ዕጢ ያብጣል፣ እብጠቶቹም ውለው አድረው ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ፤ በራሳቸው ፈቃድ ማምረት ይጀምራሉ። ያኔ አዮዲን በድንገት ሲበዛላቸው ምርታቸው ሊያሻቅብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በታዝማኒያ በ1960ዎቹ፣ በዚምባብዌ ደግሞ በ1990ዎቹ አዮዲን በዳቦና በጨው ሲገባ ይህ ታይቷል። ከጨው የሚያርቅ ነገር አይደለም፤ የሚወለዱት ልጆች አእምሮ የሚያድገው በዚያ አዮዲን ነው። ለእኛ የሚነግረን፣ የቆየ እንቅርት ያለው ሰው ልቡ ከፈጠነ «እንቅርቱማ የድሮ ነው» ተብሎ መታለፍ እንደሌለበት ነው። በዕድሜ በገፉት ላይ መንቀጥቀጡም ላቡም ላይኖር ይችላል፤ ክሳትና ወጥነት ያጣ ምት ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

ከመቱ ፕሮፒልታዮራሲል ተጀመረላቸው፤ ሄሞግሎቢኑ አሁን ስለተሻለ ፕሮፕራኖሎልም በትንሽ መጠን ተጨመረ። ስለ ፕሮፒልታዮራሲል አንድ ነገር ደጋግሜ አስጠነቀቅኋቸው። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከጀመራቸው ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ለደም ምርመራ መምጣት አለባቸው፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴሎችን ያጠፋልና። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነም እንዲሁ። ብረቱ ደግሞ ሄሞግሎቢኑ ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ሲስተካከል የተራበው የብረት ክምችት ገና አልሞላም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የእረፍት ምታቸው 84 ሆነ፤ ልጅቱ ሌሊት የቆጠረችው ደግሞ 70 ገደማ ነበር። ፍሪ ቲ4ው ወደ ልኩ ወርዷል። ቲኤስኤቹ ግን አሁንም ዝቅ ያለ ስለነበር መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ደንግጠው መጡ። የተቋረጠው ትእዛዝ ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላም ለወራት ሳይመለስ ሊቆይ ስለሚችል በዚህ ጊዜ መጠኑ የሚለካው በፍሪ ቲ4ና በምቱ ነው። እብጠት ያለው እንቅርት መድኃኒት ሲቆም ተመልሶ ስለሚነሳ አንዱ ዘላቂ መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱም ሆርሞኑ ተረጋግቶ፣ ደሙም ሞልቶ ሲገኝ ይደረጋል። ከቀዶው በኋላ የታይሮይድ ምትክ ክኒን ከታዘዘላቸው ብረቱን ከእሱ ቢያንስ በአራት ሰዓት አርቀው እንዲወስዱ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይሰርቀው፣ በካርዳቸው ላይ ከወዲሁ ጽፌላቸዋለሁ።