የሰርቨር ቁልፍ ሲለወጥ፦ የኤስኤስኤች ማስጠንቀቂያና አሻራን የማመሳከር ሥራ

ኤስኤስኤች ከሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር በተመሰጠረ መስመር ለመገናኘት የሚያገለግል ሥርዓት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰርቨር ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የቁልፍ ጥንድ አለው። ከጥንዱ አንዱ በምስጢር በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ይፋዊ በመሆኑ፣ ተጠቃሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ከተቀበለው በኋላ በኮምፒውተሩ ውስጥ `~/.ssh/known_hosts` በተባለው ፋይል ይመዘገባል። በሌላ ቀን ሰርቨሩ ያቀረበው ቁልፍ ከተመዘገበው ጋር ካልተስማማ ግንኙነቱ ይቋረጥና ይህ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፦

```
WARNING: REMOTE HOST IDENTIFICATION HAS CHANGED!
```

መጋቢት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ የፕሮግራም ጽሑፎች ማከማቻ የሆነው ጊትሃብ አርኤስኤ የተባለውን ዓይነት የሰርቨር ቁልፉን በመለወጡ፣ በዚያ ቁልፍ ይገናኙ የነበሩ ተጠቃሚዎች ይህንኑ ማስጠንቀቂያ አዩ። ምክንያቱ ምስጢራዊው ቁልፍ ለአጭር ጊዜ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማከማቻ ውስጥ ታይቶ መገኘቱ ነበር። ከዚህ ድርጊት የሚገኘው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ማስጠንቀቂያው የሚያውቀው የቁልፍን መለወጥ እንጂ የቁልፍን መሰረቅ አይደለም። የተሰረቀውን ቁልፍ ይዞ ራሱን እንደ ሰርቨሩ የሚያቀርብ ሰው ቢኖር ኮምፒውተሩ በዝምታ ያምነው ነበር፤ ስለዚህ በዚያን ዕለት አደጋው የነበረው አሮጌውን መዝገብ ይዞ በመቆየት ላይ ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ግን መንስኤው ቀላል ነው፦ የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና እንደገና ሲጫን አዲስ ቁልፎች ይፈጠራሉ፣ ወይም የአንዱ ማሽን የአይፒ አድራሻ ለሌላ ማሽን ይሰጣል። ይሁንና በመካከል ገብቶ መስመሩን የሚጠልፍ ሰውም በስክሪኑ ላይ የሚያስከትለው ያንኑ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ መልእክቱን ደጋግሞ በማንበብ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

በየዳ ላይ ሆኖ ደባርቅ ከሚገኝ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋር የሚገናኝ ባለሙያ ማስጠንቀቂያው ቢወጣበት፣ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ባልደረባው ስልክ መደወል ነው። ባልደረባው በሰርቨሩ በራሱ ስክሪንና ኪቦርድ ላይ የሚከተለውን ይጽፋል፦

```
ssh-keygen -lf /etc/ssh/ssh_host_ed25519_key.pub
```

በዚህ ጊዜ በ`SHA256:` የሚጀምር የቁልፉ አሻራ፣ ማለትም የቁልፉ አጭር መለያ፣ ይታያል። አንዱ በስልክ ሲያነብ ሌላው በማስጠንቀቂያው ውስጥ ከተጻፈው አሻራ ጋር፣ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይቀር፣ ያመሳክራል፤ በማስጠንቀቂያው የተጠቀሰው የቁልፍ ዓይነት ሌላ ከሆነ የዚያው ዓይነት ፋይል መነበብ አለበት። ማመሳከሪያው በስልክ እንዲሆን የሚያስፈልገው የተጠረጠረው የኔትወርኩ መስመር በመሆኑ ነው፤ በ`ssh-keyscan` ቁልፉን በዚያው መስመር እንደገና ማምጣት ጠላፊውን ስለ ራሱ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። አሻራዎቹ ከተስማሙ በ`known_hosts` ያለው አሮጌ መዝገብ በአድራሻው ይሰረዛል፦

```
ssh-keygen -R 192.168.1.10
```

ትእዛዙ የቀድሞውን ፋይል `known_hosts.old` ብሎ ስለሚያስቀምጠው፣ የተሳሳተ አድራሻ ቢሰረዝ መመለስ ይቻላል። መላውን ፋይል ማጥፋት ግን የሌሎቹን ሰርቨሮች ማንነት ሁሉ ያስረሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማንኛውም ሰርቨር ቁልፍ እንደ አዲስ እንግዳ ስለሚቀርብ፣ በእርግጥ የተለወጠው የትኛው እንደሆነ የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ አይኖርም። አሻራዎቹ ካልተስማሙ ደግሞ መዝገቡ ሳይነካ ይቀመጣል፣ የይለፍ ቃልም በዚያ መስመር አይጻፍም።